ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው
አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር በፎገራ ሜዳ ጥግ እንዴት 12 ስንኝ ሆነ?

ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው»። ትእዛዙም ከሥሩ ሰፍሯል፤ «ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር አስፋፍታችሁ ቤት በሚመታ ግጥም ጻፉ። ሦስት አንጓ፣ እያንዳንዱ አንጓ አራት ስንኝ ይኑረው።»

አማርኛ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን መልመጃ ያውቀዋል። ምሳሌያዊ አነጋገር ተሰጥቶት በድርሰት ወይም በግጥም ያላስፋፋ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግን ትእዛዙን እንጂ አሠራሩን አይደለም። አንዱ መስመር እንዴት አሥራ ሁለት እንደሚሆን፣ የተጨመሩት አሥራ አንድ መስመሮች ከየት እንደሚመጡ፣ የመጡት ደግሞ ጥሩ መሆናቸው በምን እንደሚታወቅ የነገረን መምህር ጥቂት ነው። ይህ ዘገባ ጣራ ገዳም ግርጌ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ያንን አሠራር ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ስንኝ ይከተላል።

ጣራ ገዳም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከወረታ አለፍ ብሎ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ያለ በደን የተከበበ ጥንታዊ ገዳም ነው። ከተራራው ላይ ሆኖ ወደ ታች ያየ ሰው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ገሚሶቹ ከደጋው በኩል፣ ገሚሶቹ ከሜዳው ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ጊዜው ሲደርስ ግጥሙ ውስጥ ይታያል።

የመጀመሪያው ረቂቅ

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከተነበቡት ረቂቆች አንዱ እንዲህ ይላል፤

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣
ክፉ ጓደኛም እንደዚሁ ነው፤
ስለዚህ ሁሌም መጠንቀቅ ጥሩ ነው፣
ምክር የማይሰማ ሰው ሞኝ ነው።

ክፍሉ አጨበጨበ። መምህሩ ልጁን አመስግነው አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ «ውሃው የት ሄደ?» ልጁ ወረቀቱን አየና ዝም አለ። ውሃው ያለው የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ወደ ጓደኛ ዘሎ ሄዷል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ምክር ናቸው። ምክሩ ደግሞ ለየትኛውም ምሳሌያዊ አነጋገር የሚሆን ነው። «ስለዚህ ሁሌም መጠንቀቅ ጥሩ ነው» የሚለው መስመር «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሥር ቢገባም የሚያስነሳው የለም።

መልመጃው ሲበላሽ በአብዛኛው የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ተማሪው «አስፋፉ» ሲባል «ትርጉሙን ተናገሩ» የተባለ ይመስለዋል። ትርጉም ግን በባሕርዩ አጭር ነው። ቀስ ብሎ እያባበለ የሚመጣ አደጋ አይታወቅም፤ አለቀ። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ሁሉ ያንኑ በሌላ ቃል መድገም ነው። ሊሰፋ የሚችለው ምሳሌው ራሱ፣ ማለትም ሥዕሉ ነው። ውሃ አለ፤ የሚወሰድ ሰው አለ፤ ሳቅ አለ። የሚስቀው ማን ነው? መቼ ሳቀ? ሳቁ መቼ ቆመ? እነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው መልስ አላቸው፤ እያንዳንዱ መልስም ስንኝ ይወጣዋል።

«ትርጉሙ አንድ መስመር አይሞላም፤ ሥዕሉ ግን አሥራ ሁለት ይሞላል።»

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፉ አንድ የአካባቢው መሪጌታ ይህን በራሳቸው ሙያ ያስረዱታል። በቅኔ ቤት ሰሙ ብቻውን ሳይጎድል መቆም አለበት፤ ሰሙ ካልሞላ ወርቁ መግቢያ ያጣል። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚያድገው፣ ሰሙን የመሙላት አቅሙ እያደገ ሲሄድ ነው። በየቀኑ ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። መሪጌታው ስለ ክፍሉ ረቂቅ ሲጠየቁ ፍርዳቸው አጭር ነበር፤ «ልጁ ወርቁን አስቀድሞ ዘረገፈው፤ ሰሙን አልሠራም።»

ውሃው እዚህ አገር እንዴት ይመጣል?

መምህሩ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ግጥም አንድም ቃል አልተናገሩም። «ርብ ሲሞላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ ከሜዳው የመጡት እጃቸውን አወጡ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉት እነሱ የተናገሩትን ብቻ ነው።

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል የሚነሱ ወንዞች ናቸው። ከተራራው ሲወርዱ ይፈጥናሉ፤ አፈርም ይዘው ይመጣሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ፍጥነታቸው ይወድቃል፤ የተሸከሙት ደለል እዚያው ይቀመጣል፤ የወንዙ ወለልም እያደር ከፍ ይላል። ክረምቱ ሲገፋ ጣና ራሱ ስለሚሞላ የሚገባለትን ውሃ ቶሎ አይቀበልም። በዚህ ጊዜ ወንዙ ዳሩን አልፎ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ደግሞ አንዴ ከጠገበ በኋላ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም። ፎገራ የሩዝ አገር የሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የሩዝ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ከጅግና ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ እንደሆነው ያለ ዓመት ሲመጣ ግን ያው ጠባይ ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላል።

ለመልመጃው ዋናው ነገር ውሃው የሚመጣበት ሁኔታ ነው። ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ጎርፍ ሲባል የሚታየው ድንጋይ እያንከባለለ፣ እየጮኸ የሚወርድ ደራሽ ነው። ያ ውሃ አያሳስቅም፤ ያስደነግጣል፤ ሰውም ይሸሸዋል። የሜዳው ውሃ ግን ድምፅ የለውም። ጠዋት እግር ያርሳል፤ ረፋድ ላይ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ልጆች ይገቡበታል፤ ይረጫጩበታል። አንዲት ከሜዳው የመጣች ተማሪ «ውሃው እግርህን ይኮረኩርሃል» ስትል መምህሩ «ኮረኮረ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ አስምረውበት ጻፉት። ሌላው ልጅ አባቱ ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ዱላ ሳይሰድ እንደማይራመድ፣ ከዱላው ላይ የረጠበውን እያየ ጥልቀቱን እንደሚያውቅ ተናገረ። «ዱላ» የሚለውም ተጻፈ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ አንድም ምክር አልነበረም። እግር፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ዱላ፣ ከብት፣ ታንኳ፣ ኮረኮረ የሚሉ ቃላት ነበሩ። መምህሩ «ግጥማችሁ ከዚህ ይወጣል» ብለው አሰናበቷቸው። ሦስቱ አንጓዎችም ቦታቸውን ያገኙት በዚያው ነው። አንደኛው አንጓ ውሃው እግር ላይ ሳለ፣ ሁለተኛው ከጉልበት እስከ ወገብ፣ ሦስተኛው ውሃው ካለፈ በኋላ። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ሳቁ ይቀንሳል። ይህ መሰላል ከተያዘ ተማሪው ቀጥሎ ምን ልበል ብሎ አይጨነቅም።

አባባልን የማስፋፋት መልመጃ አዲስ አይደለም። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የአንጾኪያው አፍቶንዮስ ለንግግር ተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድን የጥበብ አባባል በስምንት አርእስት ማስፋፋትን ያስተምር ነበር። ተናጋሪውን ማመስገን፣ አባባሉን በሌላ ቃል መግለጥ፣ ምክንያቱን ማሳየት፣ ተቃራኒውን ማንሳት፣ በሌላ ነገር መመሰል፣ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ መንገር፣ የቀደሙ ሰዎችን ምስክርነት መጥቀስ፣ በአጭር ቃል መደምደም። መጽሐፉ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል። ስምንቱም ለዝርው ድርሰት ይመቻሉ። 12 ስንኝ ግን ስምንቱን ሊሸከም አይችልም፤ ከስምንቱ አንዱን መርጦ መሙላት ግድ ይሆናል። የጣራ ገዳሙ ክፍል የመረጠው ታሪኩን ነው። በአገራችንም ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች የተዳረሰው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» የሄደበት መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ ታሪኩ በግጥም ይነገራል፤ ምክሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ቀለም መቁጠር

ታሪኩ ከተገኘ በኋላ ልኩ ይመጣል። የአማርኛ ግጥም ከሚታወቁት ልኮች ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ትረካ የሚመቸው ወል ቤት ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ ቡሄ በሉ አራት አራት። በቡሄ በሉ ልክ ታሪክ መንገር የሞከረ ተማሪ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቃሉ ሳይሞላ ሐረጉ ያልቃል።

ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ፊደል ስለሚቆጥሩ ነው። ቀለም ማለት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ እንጂ የተጻፈው ፊደል አይደለም። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከፊቱ ባለው ድምፅ ላይ ተደግፎ ይነበባል፤ ብቻውን አይቆጠርም። «እግራችን ሥር ገብቶ» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። ፊደሉ አሥር ነው። በጆሮ ሲቆጠር ግን እግ፣ ራ፣ ችን፣ ሥር፣ ገብ፣ ቶ ይሆናል፤ ስድስት። ወል ቤቱ ሙሉ ነው። ፊደል የቆጠረ ተማሪ አራት ይቆርጥበትና ሐረጉን ያሽመደምደዋል።

መምህሩ የሚያስቆጥሩት በጣት ጠረጴዛ እያስመቱ ነው። ሐረጉ የሚጎድል ከሆነ እጅ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሚተርፍ ከሆነ አፍ ይንተባተባል። ተማሪው የጎደለውን ቀለም በስሙ መጥራት ባይችልም ጆሮው ያውቀዋል።

አንድ ወጣት ገጣሚ በዚህ አይስማማም። ቀለም መቁጠር ጀማሪን ያስራል፣ ስሜት ይገድላል፣ መጀመሪያ ልጁ የተሰማውን በነጻ ይጻፍ ባይ ነው። ሃሳቡ ክብደት አለው፤ ቁጥር ብቻ ያሳሰበው ተማሪ ሐረጉን ለመሙላት «እጅግ»፣ «በጣም»፣ «ሁሌም» እያለ ባዶ ቃል ይጠቀጥቃል። መምህሩ ግን መልሳቸው የቅደም ተከተል ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ሥዕሉ ከተገኘ በኋላ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ያኔ ተማሪው የሚሞላው ባዶ ቦታ ሳይሆን የሚያስተካክለው ሙሉ ነገር አለው።

ቤት መምቻው እንዴት ይረክሳል?

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ አራት ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ግስ የጻፈ ሰው ሳያስብ ቤት ይመታል። ይመጣል፣ ይወስዳል፣ ያስቃል፣ ይገድላል፤ ሁሉም «ል» ላይ ያርፋሉ። እዚህ የገጠመው ተማሪው ሳይሆን የግሱ እርባታ ነው። «ነው» ላይ የሚያርፍ ግጥምም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ አራቱንም ስንኝ «ነው» ብሎ ሲዘጋ ቤት የመታ ይመስላል፤ ያደረገው ግን አንድን ቃል አራት ጊዜ መድገም ነው።

መለያው ቀላል ነው። ከስንኙ መጨረሻ የእርባታውን ቅጥያ አንሥቶ የቀረውን ማየት። «ይመጣል» እና «ይወስዳል» ላይ የተቀጠለው ሲነሣ «መጣ» እና «ወሰደ» ይቀራሉ፤ አይገናኙም። «ደመቀ» እና «ሳቀ» ግን ከሥራቸው ጭምር «ቀ» ናቸው፤ ቤቱ የቃሉ የራሱ ነው። ከዚህም የሚሻለው የተለያየ የቃል ክፍል ማጋጠም ነው፤ ግስን ከስም፣ ስምን ከተውላጠ ስም። ለዚያ ደግሞ አንዳንዱን ስንኝ ገልብጦ ግሱን ወደ መሐል፣ ስሙን ወደ ዳር ማውጣት ያስፈልጋል። «ጎዳናው ጠፋብን» ሲገለበጥ «ጠፋብን ጎዳና» ይሆናል፤ ዳር ላይ «ና» ይገኛል።

«እርባታው ሲገጥም ገጣሚው ተኝቷል።»

ይህን ያሉት በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የአማርኛ መምህር ናቸው። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው ተማሪ በአንድ ግጥም ውስጥ «ነው»ን ዳር ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳያኖር ይከለክሉ እንደነበር ይናገራሉ። አንድ ጊዜ የፈቀዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ብዙ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ራሳቸው «ነው» ብለው ያበቃሉ፤ ያኛው ቦታ መጠበቅ አለበት።

የተሰጠው መስመር ራሱ ሲያስቸግር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፣ «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የመሳሰሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሲፈጠሩም ቤት የመቱ ናቸው። ተማሪው እንዳሉ አንሥቶ ግጥሙ ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል፤ ልካቸው ከወል ቤት ያነሰ ቢሆንም ጆሮ ይቀበላቸዋል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ግን ውስጡ ቤት የለውም፤ ሁለቱ ጎኖቹም እኩል አይደሉም። ሰዎች «አሳስቆ ነው የሚወስደው» እያሉም ይናገሩታል። እንዳለ ቢገባ መጨረሻው ስንኝ ላይ ግጥሙ ያነክሳል።

ክፍሉ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የፈጀው በዚህ መስመር ላይ ነው። መጀመሪያ አንዱ ተማሪ «ሰው» የሚለውን ቃል አስገባ፤ «ውሃ ሲወስድ ሰው፣ እያሳሳቀ ነው»። ሰው፣ ነው፤ መስመሩ በውስጡ ቤት አገኘ። ጠረጴዛው ሲመታ ግን አንደኛው ሐረግ አምስት ሆነ፤ ው፣ ሃ፣ ሲ፣ ወስድ፣ ሰው። ሁለተኛው ስድስት ነው። አንድ ቀለም ጎደለ። «ውሃ ሲወስድ አንድ ሰው» ያለ ነበር፤ ያኔ ልኩ ሞላ፤ ነገሩ ግን የአንድ ሰው ወሬ ሆነ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ‹ም› ብንጨምርስ?» አለች። «ውሃ ሲወስድም ሰው»። ወስ፣ ድም፤ ስድስት ሞላ።

ይህች «ም» ያመጣችው ቀለም ብቻ አይደለም። «ሲወስድም» ሲባል መውሰድን የመሰለ ክፉ ነገር ሲያደርግ እንኳ እያሳሳቀ ነው የሚል ክብደት ይጨመራል። ጥሩ ማስተካከያ እንዲህ በአንድ ጊዜ ልኩንም ነገሩንም ይረዳል። ልኩን ሞልቶ ነገሩን የሚያደበዝዝ ጭማሪ ግን ይሰረዛል።

አሁን የቀረው ጥያቄ ከዚህ መስመር በፊት የሚመጣው ስንኝ በምን ያልቃል የሚል ነው። ከ«ነው» ጋር ቤት መምታት አለበት፤ ሌላ «ነው» ግን አይፈቀድም። መምህሩ የሰጡት ፍንጭ አንድ ነው፤ «እኛ አንድ ነገር ስናደርገው ምን እንላለን?» አየነው፣ ያዝነው፣ ተከተልነው። ድምፁ «ነው» ነው፤ ቃሉ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ «ተከተልነው»ን መረጡ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ውሃው ጎትቶ አልወሰዳቸውም፤ በእግራቸው ነው የተከተሉት።

የተጠናቀቀው ግጥም

ክፍሉ በጋራ ያቆመው ግጥም ይህ ነው፤

ርብም ከዳር ወጥቶ፣ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣
ሮጠን ገባንበት፣ እረኞች ነን እኛ፤
ኮረኮረን ውሃው፣ እግራችን ሲነካ፣
ሳቅን፤ ማንም የለም፣ በዱላው የለካ።

ጉልበት ላይ ሲደርስም፣ ጨዋታው ደመቀ፣
ታናሹ ሲወድቅም፣ ታላቅ ወንድም ሳቀ፤
ወገብ ላይ ሲወጣ፣ ሳቁ ቀነሰና፣
ዞር ብለን ብናይም፣ ጠፋብን ጎዳና።

በታንኳ ደረሱ፣ ጎረቤት አባቶች፣
እኛን አወጡና፣ ቀሩ ሁለት ከብቶች፤
ሳቁ የኛ መስሎን፣ ወደን ተከተልነው፣
ውሃ ሲወስድም ሰው፣ እያሳሳቀ ነው።

ግጥሙ እንከን የለውም ማለት አይደለም። «አባቶች» እና «ከብቶች» በብዙ ቁጥር ቅጥያ የተጋጠሙ ናቸው፤ ያተረፋቸው ከቅጥያው በፊት ያለው «ት» የሁለቱም ቃል የራሱ መሆኑ ነው። «እግራችን ሲነካ» የሚለው በንግግር «እግራችንን» ይባል ነበር፤ ለልኩ ሲባል አንድ «ን» ወድቃለች፤ ይህን አማርኛ በግጥም ይታገሣል። «እረኞች ነን እኛ» ደግሞ ታሪኩን ለአፍታ ያቆማል።

የሠራው ነገር ግን ብዙ ነው። በአሥራ ሁለቱ ስንኞች ውስጥ «ተጠንቀቁ» የሚል ቃል የለም። ጥንቃቄው ያለው በአራተኛው ስንኝ ዱላ ውስጥ ነው። ያንን ዱላ ያመጣው የአባቱን አረማመድ የተናገረው ልጅ ነው፤ ሌላ አገር የተጻፈ ግጥም አያገኘውም። ሳቁም በየአንጓው ይለዋወጣል፤ በአንደኛው የሁሉም ነው፤ በሁለተኛው ታላቁ በታናሹ ላይ የሚስቀው ሳቅ ሆኖ ይቀንሳል፤ በሦስተኛው የማን እንደነበረ ይጠየቃል። «ሳቁ የኛ መስሎን» የሚለው ሐረግ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ውስጥ የሌለ፣ ግን ከምሳሌያዊ አነጋገሩ የወጣ ሃሳብ ነው። ማስፋፋት ማለት ይህ ነው፤ የተሰጠው መስመር የያዘውን፣ ግን ያልተናገረውን ማውጣት።

ስለ ክፉ ጓደኛ የጻፈው ልጅ በዚህ ግጥም የሚያጣው ነገር የለም። ስለ ጓደኛም፣ ስለ ዕዳም፣ ስለ መጠጥም ያሰበ አንባቢ ግጥሙን ወደዚያው ያዞረዋል። ገጣሚው አንዱን ብቻ በስም ቢጠራ ኖሮ ሌሎቹ በሩ ተዘግቶባቸው ይቀሩ ነበር።

የት ይቆማል?

ይህ አሠራር ለሁሉም ምሳሌያዊ አነጋገር አይሆንም። ሥዕል የሌለው፣ ከመጀመሪያውም ምክር ሆኖ የተነገረ አባባል አለ፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ዓይነቱ። ከመጠምጠሚያው በቀር የሚታይ ነገር ስለማይሰጥ ተማሪው ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ከራሱ መፍጠር ይኖርበታል፤ ለጀማሪ ከባድ ነው። በሌላው ጫፍ ታሪኩን ራሱ ጨርሶ የተናገረ አለ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል ሴትዮዋም፣ ቆጡም፣ የብብቱም፣ መጨረሻውም ተነግሯል። እዚያ ላይ የሚቀረው ዝርዝር ማስገባት ብቻ ነው። መልመጃው የሚያምረው ሥዕሉ ኖሮ ታሪኩ በከፊል ሲጎድል ነው። መምህር አባባሉን ሲመርጥ ይህን ካየ ተማሪው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ጊዜም ሌላው ገደብ ነው። በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተሰጥቶ በዚያው የሚሰበሰብ መልመጃ ከመጀመሪያው ረቂቅ አያልፍም፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ደግሞ ሁልጊዜ ምክር ነው። የጣራ ገዳሙ መምህር ለአንድ ግጥም አምስት ክፍለ ጊዜ ሰጥተዋል፤ አንዱ ለረቂቅ፣ አንዱ ለውሃው፣ አንዱ ለቀለም ቆጠራ፣ አንዱ ለምሳሌያዊ አነጋገሩ መስመር፣ አንዱ ለንባብ። የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽሐፉ አያልቅም ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ አምስት አባባል በአምስት ክፍለ ጊዜ ያሠራ መምህር መጽሐፉን ቀድሞ ይጨርሳል። ተማሪዎቹ ግን አምስቱንም ጊዜ ያንኑ ምክር ጽፈው ይወጣሉ።

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ የተሰጠው ፈተና የማንም አስተማሪ መሣሪያ ሊሆን የሚችል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ግጥም የመጨረሻ ስንኝ በወረቀት ሸፍኖ ለጎረቤቱ ያነብለታል። ጎረቤቱ የተሸፈነውን ምሳሌያዊ አነጋገር ማወቅ አለበት። ወዲያው ካወቀው ማስፋፋቱ ተሳክቷል። ሦስት አራት የተለያዩ አባባሎችን ከገመተ ግጥሙ ምክር እንጂ ሥዕል የለውም፤ ወደ መጀመሪያው አንጓ ተመልሶ ውሃውን መፈለግ ይኖርበታል። በመጀመሪያው ቀን የተነበበው ባለ አራት «ነው» ግጥም የመጀመሪያው ስንኝ ተሸፍኖ ሲነበብ ጎረቤቱ «ከክፉ ጎረቤት ይሻላል ዱር» ብሎ ገመተ። ልጁ ሳቀና ወረቀቱን ገልብጦ እንደገና መጻፍ ጀመረ፤ አሁን የጀመረው ከእግር ነው።